“በአቻ ተገምግሟል” የተባለን ጥናት እንዴት እንመዝን?

“ጥናቱ በአቻ የተገመገመ ነው” የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ክርክር ለመዝጋት ይውላል። የአቻ ግምገማ፣ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ፒር ሪቪው፣ አንዳንዱን ነገር በደንብ ያጣራል፤ አንዳንዱን ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። የትኛውን እንደሚያጣራና የትኛውን እንደማይነካ ካወቃችሁ፣ አንድን ጥናት ምን ያህል ማመን እንዳለባችሁ ራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፦ ገምጋሚው እጅ ላይ ምን እንደሚገባ እወቁ

አጥኚዎቹ ጽሑፋቸውን ለጆርናል ሲልኩ ቀድሞ የሚያየው አርታኢው ነው። ብዙ ጽሑፍ ከእሱ ጠረጴዛ ሳያልፍ ይመለሳል። ያለፈውን በዘርፉ ለሚሠሩ ሰዎች ይልከዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። አቻ የሚባሉት እነሱ ናቸው። በአብዛኛው ክፍያ የላቸውም። ከራሳቸው ሥራ በተረፈች ሰዓት ነው የሚያነቡት።

ገምጋሚው የሚደርሰው ጽሑፉ ነው፤ ከነሠንጠረዡና ከነግራፉ። የተመረጠው ዘዴ ጥያቄውን ይመልሳል ወይ? ማነጻጸሪያ ቡድን አለ ወይ? መደምደሚያው ከውጤቱ አልፎ አልሄደም ወይ? ጎበዝ ገምጋሚ እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦ “ሠንጠረዥ 2 ላይ 140 ተሳታፊዎች አሉ፤ ሠንጠረዥ 3 ላይ ግን 131። ዘጠኙ የት ሄዱ?” አጥኚዎቹ መመለስ ግድ ይሆንባቸዋል። ዘጠኙ መድኃኒቱ ስላልተስማማቸው ያቋረጡ ከሆኑ፣ “መድኃኒቱ ጉዳት የለውም” የሚለው መደምደሚያ ሊወድቅ ነው። ግምገማው ትልቁን ጥቅሙን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጽሑፍ ሲታተም ከተላከበት ጊዜ ይልቅ ጥርት ያለና ልኩን ያወቀ የሚሆነው በዚህ ምልልስ ነው።

ገምጋሚው ሙከራውን ግን አይደግመውም። ሆስፒታል ሄዶ የሕሙማን መዝገብ አያገላብጥም። ብዙውን ጊዜ ጥሬ መረጃው ራሱ አይደርሰውም። አጥኚው “ይህን ያህል ሰው መዝግቤያለሁ” ካለ፣ መዝግቧል ብሎ ነው የሚነሳው። የመጨረሻው ውሳኔም የአርታኢው ነው፤ ገምጋሚው ይመክራል እንጂ አይወስንም። አንድ ጆርናል የመለሰው ጽሑፍ ሌላ ጆርናል ላይ ሊታተም ይችላል፤ አንባቢው ይህን የሚያውቅበት መንገድ እምብዛም የለም።

ጽሑፉ ላይ ያለ ስህተትም ቢሆን ሁሉም አይያዝም። የብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አዘጋጆች ይህን ፈትነውት ነበር። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሆን ብለው 8 ድክመቶች አስገቡና ለገምጋሚዎች ላኩት። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ መልስ የሰጡት ከ200 በላይ ገምጋሚዎች በአማካይ የያዙት ሁለቱን ብቻ ነው። ገምጋሚዎቹ ደካማ ስለሆኑ አይመስለኝም። የሰለጠነ ሰው አንድ ጽሑፍ አንብቦ የሚይዘው በአማካይ ይህን ያህል ነው።

ቀጥሎ፦ ክፍተቱ ምን እንደሚያመጣ በአንድ ጉዳይ እዩት

እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2020 ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና ጆርናል ሃይድሮክሲክሎሮኪን ስለተባለው መድኃኒት አንድ ጥናት አወጣ። በአቻ የተገመገመ ነበር። የ671 ሆስፒታሎችን መረጃ ሰብስቤ 96,032 የኮቪድ ሕሙማንን አይቻለሁ ይላል። ውጤቱም መድኃኒቱን የወሰዱት ይበልጥ እንደሞቱ ያሳያል። ከሦስት ቀን በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ መድኃኒት ላይ ያካሂድ የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ።

አንባቢዎች ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመሩ። ጥናቱ እስከ ሚያዝያ 21 ድረስ አውስትራሊያ ውስጥ፣ በአምስት ሆስፒታሎች ብቻ፣ 73 ሰዎች እንደሞቱ መዝግቧል። በዚያ ቀን በመላው አገሪቱ የተመዘገበው ሞት 67 ነበር። መረጃውን የሰበሰበው ሰርጂስፊር የተባለ ድርጅት፣ አንድ የእስያ ሆስፒታል በስህተት ከአውስትራሊያ ጋር ተቆጥሮ ነው አለ። ከ100 በላይ ተመራማሪዎች ፈርመው የትኞቹ ሆስፒታሎች እንደሆኑ ይነገረን ሲሉ ጠየቁ። ገለልተኛ ኦዲተሮች ሲመደቡም ድርጅቱ ሙሉ መረጃውን አልሰጥም አለ። ሰኔ 4 ቀን ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስቱ ለመረጃው እውነተኛነት ዋስ መሆን አንችልም ብለው ጥናቱን ሰረዙት።

እዚህ ጋ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ የተሟላ ነበር፤ ዘዴው ተጽፏል፣ ስታቲስቲክሱ ተሠርቷል። የጎደለው ከጽሑፉ ጀርባ ሊኖር የሚገባው ነገር ነው። ገምጋሚዎቹ ደግሞ ጥሬ መረጃውን አላዩም።

መሰረዙ መድኃኒቱ ይሠራል ማለትም አልነበረም። በማግስቱ፣ ሰኔ 5 ቀን፣ ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዝ ሙከራ ውጤቱን አሳወቀ። ሕሙማኑ በዕጣ ተመድበው፣ ከ1,500 በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን ወስደው፣ ከ3,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሳይወስዱ ተነጻጽረው ነበር። መድኃኒቱ ሞት አልቀነሰም። ይህ ውጤት ሲነገር ገና በአቻ አልተገመገመም። ከተገመገመው ይልቅ ግን የሚጨበጥ ነገር ነበረው፤ በዕጣ የተመደቡ እውነተኛ ሕሙማንና የተመዘገበ ሞት።

አሁን ወደ እናንተ ጥናት፦ ምን ምን ትፈትሻላችሁ?

ዜናውን ትታችሁ የጥናቱን ገጽ ራሱን ክፈቱ። በመጀመሪያ የጽሑፉን ዓይነት እዩ። Editorial፣ Comment ወይም Letter የሚል ከሆነ፣ ጆርናሉ የተከበረ ቢሆንም እንኳ እንደ ምርምር ጽሑፍ ላይገመገም ይችላል። Preprint ከሆነ ገና አልተገመገመም።

ከዚያ Received እና Accepted የሚሉትን ቀኖች አነጻጽሩ። ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ሳምንታት ወይም ወራት አሉ። ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሳይገመግም የሚያትም ጆርናል እንዳይሆን ጠርጥሩ። ለአስቸኳይ ጉዳይ ግምገማ ሊፈጥን ስለሚችል ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

Check for updates የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑት። ጥናቱ ከታረመ ወይም ከተሰረዘ እዚያ ይወጣል። የተሰረዘ ጥናት ብዙውን ጊዜ ከገጹ አይጠፋም፤ RETRACTED የሚል ምልክት ተደርጎበት ይቀመጣል። ቀድሞ የወረደ ፒዲኤፍ ላይ ግን ይህ ምልክት የለም፤ በቴሌግራም የደረሳችሁን ፋይል ብቻ አይታችሁ አትመኑ። PubPeer ላይም ርዕሱን ፈልጉት። ከታተመ በኋላ አንባቢዎች ያነሱት ጥያቄ ካለ እዚያ ልታገኙት ትችላላችሁ።

እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው Data availability የሚለውን ክፍል ነው። መረጃው የት እንደተቀመጠ አድራሻ ካለው፣ ሌላ ሰው ሊያመሳክረው ይችላል። “መረጃውን መስጠት አንችልም” የሚል ከሆነ ምክንያቱን አንብቡ። የሕሙማንን ምስጢር መጠበቅ በቂ ምክንያት ነው፤ ያኔ ግን ቢያንስ መረጃው ከየትኛው ተቋም እንደመጣና ማን ሊያየው እንደሚችል መጻፍ አለበት። ያም ካልተጻፈ፣ ከሌላ ቦታ በሌላ ቡድን የተሰበሰበ መረጃ ያው ውጤት ላይ ደርሶ እንደሆነ ፈልጉ፤ እስክታገኙ ድረስ በዚያ ጥናት ብቻ ተመርታችሁ መድኃኒት አትጀምሩ፣ የጀመራችሁትንም አታቋርጡ።