H ስታዩ ከመደንገጣችሁ በፊት # ያለበትን መስመር ፈልጉ

የደም ምርመራ ውጤት በፎቶ ሲላክላችሁ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ከፍ ማለትን በሚያሳየው H እና ዝቅ ማለትን በሚያሳየው L ላይ ነው። ግን የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይጻፋሉ፤ አንዴ በ% ምልክት በመቶኛ፣ አንዴ በ# ምልክት በቁጥር። ዋናው ቁጥሩ ነው።

ለምሳሌ ሊምፎሳይት የተባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ድርሻ፣ LYM%፣ 46 ሆኖ H ተጽፎበታል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው መደበኛ መጠን ከ20 እስከ 40 ነው። የነጭ ደም ሴሎች ጠቅላላ ቁጥር፣ WBC፣ ደግሞ 5.0 ነው። የ5.0 አርባ ስድስት በመቶው 2.3 ይሆናል። የLYM# መደበኛ መጠን ከ1.0 እስከ 4.0 ከሆነ፣ ሊምፎሳይቱ አልበዛም ማለት ነው። ድርሻው ከፍ ያለው ኒውትሮፊል የተባለው ሌላ የነጭ ደም ሴል ዓይነት ስላነሰ ሊሆን ይችላልና የእሱን ቁጥር፣ NEU#ንም እዩ። እሱ ላይ L ካለ ለሐኪም አሳዩት።

ፎቶው ደብዝዞ 5.0 ይሁን 50 ካልለየ ግን በግምት አታንብቡ፤ እንደገና ይነሳ።