«ለጊዜው ቆሟል» አትበሏቸው፦ ፕሮጀክት መሰረዙን ለቡድን ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጣልኝ ኢሜይል አራት መስመር ብቻ ነበር። በጣና ላይ የእምቦጭን ስርጭት የምንከታተልበት የሦስት ዓመት ፕሮጀክት በ14ኛ ወሩ ተሰርዟል። ገንዘቡ የሚያደርሰን እስከ ሰኔ 30 ነው።

ባሕር ዳር ቢሮ አሥራ ሁለት ነበርን። አምስቱ ቋሚ ሠራተኞች ሲሆኑ ሰባቱ ኮንትራት ነበሩ። ከኮንትራቶቹ አራቱ መረጃ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ያን ቀን ሁለቱ ፎገራ፣ ሁለቱ ደምቢያ ነበሩ።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ዓይነት ዜና አንድ ጊዜ ተናግሬ አውቃለሁ። ያኔ አበላሽቼዋለሁ። ከታች ከጻፍኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን የማውቃቸው ስለሠራኋቸው ነው።

«ሁሉም ነገር ይጣራ» ብሎ መቆየት

ያኔ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ሙሉ መልስ ይዤ ልቅረብ ብዬ ነበር። ሠራተኛው ግን ቀድሞኝ አውቋል። የነዳጅ ኩፖን ቀነሰ። የመስክ አበል ዘገየ። የተጠየቀ ግዢ ሳይፈረም ተመለሰ። ቢሮ ውስጥ የሚውል ሰው እነዚህን ምልክቶች ሲያይ ምን እየመጣ እንደሆነ ይገባዋል። ስብሰባ ስጠራ ያዘኑት በፕሮጀክቱ መሰረዝ አልነበረም፤ እያወቅሁ አብሬያቸው ምሳ ስበላ በመክረሜ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ሁለት ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ያጣራሁት የመጨረሻውን የሥራ ቀን፣ የመጨረሻውን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባውን ክፍያ፣ የመረጃውንና የዕቃውን ዕጣ ብቻ ነው። የቀረውን «አላውቅም፣ አርብ እነግራችኋለሁ» ማለት ይቻላል። አርብ ግን መልሱ ባይመጣም «አልመጣም» ማለት ግዴታ ነው።

የተናገርኩት ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። አርብ ከሰዓት ብናገር ኖሮ ጥያቄያቸውን ይዘው ቤት ይገቡና እስከ ሰኞ የሚጠይቁት ሰው ያጣሉ። ፎገራ ያሉት ማክሰኞ ማታ ገቡ። ደምቢያ ያሉት መድረስ ስላልቻሉ ስልክ ደውለን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰሙ። ለሁለት ሰው አስቀድሞ ሹክ ማለት ለሁሉም በቴሌግራም ከመልቀቅ አይለይም።

ቃሉን ማለስለስ

ከሁሉም የከፋው ስህተቴ ይህ ነው። ያኔ «ፕሮጀክቱ ለጊዜው ቆሟል» አልኳቸው። ውሸት እየተናገርኩ አልመሰለኝም፤ ልባቸው እንዳይሰበር ብዬ ነው። ነገር ግን «ለጊዜው» የሚል ቃል የሰማ ሰው ይጠብቃል። አንዲት መረጃ ሰብሳቢ ሌላ ሥራ ተሰጥቷት ነበር። «የኛው ቢመለስስ» ብላ አልተቀበለችውም። እቁብ የገቡም ነበሩ፤ ደመወዝ ይቀጥላል ብለው አስልተው ክፍያውን አላቋረጡም። እኔ በአንድ ቃል ያዳንኩት የመሰለኝን ሞራል ሰዎቹ በወራት ገቢ ከፈሉበት።

ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፦ «ፕሮጀክቱ ተሰርዟል። ተመልሶ አይመጣም። የመጨረሻ የሥራ ቀናችን ሰኔ 30 ነው።» ከሰላምታው ቀጥሎ እነዚህን አልኩ። ቡና ተፈልቶ፣ የዓመቱ ስኬት ተዘርዝሮ፣ «አንድ ነገር ደግሞ አለ» ብሎ መጀመር ሰውን ያስጨንቃል፤ የተመሰገነበት ሥራም በኋላ እንደ ማባበያ ይቆጠርበታል። ቡናው ከዜናው በኋላ መጣ። ያኔ ሰው የሚጠጣው እያወራ ነው።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ከጨረስኩ በኋላ ዝም አልኩ። ከባዱ እሱ ነው። ዝምታውን ለመሙላት «አይዟችሁ፣ ለበጎ ነው» ማለት ያምረናል። ያን ሰዓት የሚያስፈልጋቸው ጥያቄ የሚያነሱበት ፋታ ነው።

ምክንያቱን መሸፋፈን ወይም በሰው ላይ መጫን

የመጀመሪያው ጥያቄ «የኛ ሥራ ደካማ ስለሆነ ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ሪፖርታችን ስድስት ሳምንት ዘግይቶ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። «በፍጹም፣ እናንተ ምንም አላጎደላችሁም» ብል አያምኑኝም። «ዋናው ቢሮ ነው የጎዳን» ብል ደግሞ ቀሪውን ሁለት ወር በቂም ይሠራሉ። ያልኩት የማውቀውን ነው፦ «ሪፖርቱ ዘግይቷል፤ ያ የኛ ጥፋት ነው፤ በዋናነትም የኔ። ምክንያቱ እሱ እንደሆነ ጠይቄያለሁ። የተሰጠኝ መልስ ገንዘብ ሰጪው በሌሎች አገሮችም ያሉትን ተመሳሳይ ሥራዎች አቋርጧል የሚል ነው። ደብዳቤውን ማየት የምትፈልጉ ይኸው።» ደብዳቤው እጅ በእጅ ዞረ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ለሁሉም በጅምላ ተናግሮ መበተን

አንድ ዜና ለአሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ነገር ነው። ቋሚዎቹን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እንደ አገልግሎት ዘመን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሲሆን፣ ስንብቱ በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ሁለት ወር ነው። የሁለት ወሩ ደብዳቤ ሚያዝያ ሳያልቅ ባይወጣ ኖሮ ሰኔ 30 ባላለቀ ነበር። ሦስት ሳምንት መቆየት ሰውን ከማስከፋቱም በላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን እንደሚበላ ያኔ ነው የገባኝ። ለኮንትራቶቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ውል አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የሁሉም አንድ አይደለም።

ከስብሰባው በኋላ በዚያው ቀን ከእያንዳንዳቸው ጋር ሃያ ሃያ ደቂቃ ለብቻ ተቀመጥኩ። ስሙ፣ ቀኑና የሚከፈለው ብር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠሁ። የጀልባ ነጂያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስብሰባው ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። ለብቻችን ስንሆን ወረቀቱን አዩና «ይሄ ቀን አይቀየርም?» አሉኝ። «አይቀየርም ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ለነሐሴ ሌላ እነጋገራለሁ» አሉ። የሚፈልጉት ያንን ማወቅ ብቻ ነበር።

ሥራውን ሜዳ ላይ ጥሎ መውጣት

በቀረው ሁለት ወር «እንደ በፊቱ እንሥራ» ማለት አይሆንም። ማንም ለተሰረዘ ዕቅድ አይነሳም። ሁሉንም መተውም ቢሮውን የሐዘን ቤት ያደርገዋል። ከአምስት ሥራዎች ሦስቱን በግልጽ አቆምን። የያዝነው ሁለቱን ነው። አንደኛው የ13 ወሩን መረጃ አጽድቶ እዚሁ ክልሉ ውስጥ በእምቦጭ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ማስረከብ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከኛ በኋላም የሚቆጥረው ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወደ ዳርቻው ተመልሶ መንገር ነው። ነፋስ አረሙን ገፍቶ ሲያመጣው ስልክ የሚደውሉልን ዓሣ አስጋሪዎችና ገበሬዎች ነበሩ። ሳንነግራቸው ብንጠፋ የሚያፍሩት መረጃ ሰብሳቢዎቹ ናቸው፤ የአገሩ ልጆች ናቸውና ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ጉዞ ስናቅድ ነው ቡድኑ እንደገና ሲከራከር፣ ቀን ሲቆርጥ ያየሁት።

ሰኔ መጀመሪያ ፎገራ ሄድን። ነገሩን የተናገሩት መረጃ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ በእነዚያው በሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች። አንድ አስጋሪ ጨርሶ ሰማና «ታዲያ ክረምቱ ወጥቶ አረሙ ሲመጣ ለማን እንደውል?» አለ። መረጃ ሰብሳቢው ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመጣውን ስልክ ቁጥር ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።