ሱቅዎ በቴሌብር ክፍያ መቀበል መጀመሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ሱቅ በቴሌብር ክፍያ መቀበል ሲጀምር ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የኪውአር ኮዱን ፎቶ አንስቶ፣ ከሥሩ «በቴሌብር መክፈል ይቻላል» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ለደንበኞቹ ይለቅቃል። ይህ ወሬውን ያደርሳል እንጂ አከፋፈሉን አያሳይም። ቴሌብርን ለዘመድ ገንዘብ ለመላክና የአየር ሰዓት ለመሙላት ብቻ የለመደ ደንበኛ ለሱቅ የሚከፈለው በሌላ መንገድ መሆኑን ስለማያውቅ፣ ገንዘቡን ወደ ባለሱቁ የግል ስልክ ይልካል፤ ወይም እንደ ወትሮው ጥሬ ብር ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት በመጀመሪያ አንድ ክፍያ ራስዎ ይሞክሩ። የቤተሰብ ስልክ ወስደው 10 ብር ለሱቅዎ ይክፈሉ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ስልኩ ላይ የሚታየውንም በቅደም ተከተሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ምርጫዎቹን በተራ ቁጥራቸው ሳይሆን በስማቸው ይመዝግቡ፤ የዝርዝሩ ቅደም ተከተል በማሻሻያ ጊዜ ሊቀያየር ይችላልና።

በዚህ ሙከራ ላይ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተውሉት የሚስጥር ቁጥር ከመግባቱ በፊት ብቅ የሚለውን የተቀባይ ስም ይሁን። የንግድ ፈቃዱ በእናት ወይም በወንድም ስም የወጣ ሱቅ ብዙ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም አንድ፣ ስልኩ የሚያሳየው ስም ሌላ ይሆናል። ደንበኛው የማያውቀውን ስም ሲያይ ለማን እየከፈለ እንደሆነ ይጠራጠራል፤ መጠራጠሩም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥር ተሳስቶ ለሌላ ሰው ከመክፈል የሚያድነው ይኸው ስም ነው። ማስታወቂያው ይህን ስም ፊደል ሳይጎድል ካልያዘ ደንበኛው የሚያመሳክርበት ነገር አይኖረውም።

ቀጣዩ ሥራ ጽሑፉ ነው። ቴሌግራም ከፎቶ ሥር በመደበኛው አገልግሎት ከ1,024 ፊደላት በላይ አይቀበልም፤ ፌስቡክም ረጅሙን ጽሑፍ አጥፎ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ደንበኛው ለሱቅዎ ሲከፍል የሚያስገባው አጭር ቁጥርና የተቀባዩ ስም ከላይ ይቀመጡ፣ ሰላምታው ይጠር። ፈቃዱ በእናት ስም የሆነ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ከዛሬ ጀምሮ በቴሌብር መክፈል ይችላሉ። የሱቃችን አጭር ቁጥር ______ ነው። ስልክዎ ላይ የሚወጣው ስም የሱቁ ሳይሆን የባለፈቃዷ የእናታችን ስም ______ ነው።
1. የቴሌብር መተግበሪያውን ይክፈቱ፤ ኢንተርኔት ከሌለዎት *127# ይደውሉ።
2. ለግለሰብ መላኪያውን ሳይሆን ለነጋዴ መክፈያውን ይምረጡ።
3. አጭር ቁጥሩን፣ ቀጥሎ የዕቃውን ዋጋ ያስገቡ። ለምሳሌ ሒሳብዎ 1,250 ብር ከሆነ 1250 ብለው ይጻፉ።
4. ከላይ የጠቀስነው ስም መሆኑን አይተው የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ። ስሙ ሌላ ከሆነ አቋርጠው ይውጡ።
5. ክፍያው ለእኛም መድረሱን እስክንነግርዎ ጥቂት ይታገሡ። ገንዘቡ ተቆርጦ መልእክት ከዘገየ ቀሪ ሒሳብዎን ሳያዩ ደግመው አይክፈሉ።
የሚስጥር ቁጥርዎን ማንም የሱቃችን ሠራተኛ አይጠይቅዎትም።»

አምስተኛው ተራ ላይ ያለው «ይታገሡ» የሚለው ቃል ለባለሱቁም ለደንበኛውም ያስፈልጋል። የክፍያ መልእክት አስመስሎ መጻፍና የቆየ ክፍያን ፎቶ ማሳየት ቀላል ስለሆነ፣ ሻጩ ዕቃውን የሚያስረክበው ደንበኛው የሚያሳየውን አይቶ ሳይሆን በራሱ ስልክ የብሩ መጠንና የግብይት ቁጥሩ መግባቱን አረጋግጦ ነው። ይህ በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ ከተነገረ ደንበኛው ባንኮኒው ፊት ሲጠብቅ የተጠረጠረ አይመስለውም።

ኪውአር ኮዱን በተመለከተ፣ ማስታወቂያውን በስልኩ የሚያነብ ሰው የስልኩን ካሜራ በዚያው ስልክ ላይ ወዳለው ምስል ማዞር አይችልም። ስለዚህ ኮዱ ታትሞ ባንኮኒው ላይ ይለጠፍ፤ በማስታወቂያው ውስጥ ግን አጭር ቁጥሩ ገልብጦ ለመለጠፍ እንዲመች በጽሑፍ ይቀመጥ።

ከለቀቁት በኋላ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ቻናልዎ አናት ላይ ይስቀሉት። አጭር ቁጥሩ የተቀየረ ዕለት ደግሞ አዲሱን መለጠፍ ብቻ አይበቃም፤ ደንበኞች ቁጥሩን ወደ ላይ ፈልገው ስለሚቀዱት የቀድሞው ማስታወቂያ ይጥፋ፣ ባንኮኒው ላይ ያለው ወረቀትም በዚያው ዕለት ይነሣ።