ሥራ ሲዘገይ ጋንት ቻርቱን እንዴት እናንብበው? ችግርና መፍትሔ ለአነስተኛ ግንባታ

ጋንት ቻርት እያንዳንዱ ሥራ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ቀን እንደሚሠራ በአግድም ባር የሚያሳይ የሥራ ዕቅድ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው የሚያየው ብዙ ጊዜ ውል ሲፈረም ነው። ኮንትራክተሩ ባለቀለም ወረቀት ያመጣል፣ ወረቀቱ ይለጠፋል፣ ከዚያ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዋናው ጥቅሙ ግን የሚጀምረው ሥራ ሲዘገይ ነው። የትኛው መዘግየት የርክክቡን ቀን እንደሚገፋ፣ የትኛው ደግሞ ምንም እንደማያመጣ ከእሱ ማንበብ ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል ፎቅ የሌለው አንድ የብሎኬት ቤት እንውሰድ። መሠረቱና ኮለኑ አልቋል፣ ግድግዳው ሊጀመር ነው። እስከ ልስን ያለው ይህን ይመስላል። ለቀላልነት እሑድን ሳልለይ ቀጥታ ቆጥሬያለሁ።

| ተ.ቁ | ሥራ | ቀን | ከየትኛው በኋላ | መጀመሪያ | ማለቂያ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | ብሎኬት ግድግዳ | 10 | – | 1 | 10 |
| 2 | የላይኛው ቢም (ቶፕ ታይ ቢም) | 4 | 1 | 11 | 14 |
| 3 | ውኃ ማጠጣትና መጠበቅ | 7 | 2 | 15 | 21 |
| 4 | ጣሪያና ቆርቆሮ | 7 | 3 | 22 | 28 |
| 5 | በርና መስኮት ብረት ቤት ማሠራት | 12 | 1 | 11 | 22 |
| 6 | በርና መስኮት መግጠም | 2 | 5 | 23 | 24 |
| 7 | የኤሌክትሪክ ቱቦ መቅበር | 4 | 1 | 11 | 14 |
| 8 | ልስን | 10 | 4፣ 6፣ 7 | 29 | 38 |

ምልክት፦ አንዱ ሥራ ዘግይቷል፣ ሌሎቹ ባሮች ግን ካሉበት አልተነቃነቁም

ምክንያቱ ባሮቹ በእጅ ቀለም የተቀቡ መሆናቸው ነው። ቀን እንጂ ግንኙነት የላቸውም። ቻርቱ ልስን ጣሪያን እንደሚጠብቅ አያውቅም።

መፍትሔው ቀለሙን ትቶ ከሰንጠረዡ መጀመር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ እንዲጀመር የግድ ማለቅ ያለበት ምንድን ነው? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሁሉንም ሥራ ከበላዩ ካለው መስመር ጋር ያያይዛል። የኤሌክትሪክ ቱቦ ከጣሪያ በታች ስለተጻፈ ብቻ ጣሪያን እንዲጠብቅ ይደረጋል። ግድግዳ ተቆርጦ ቱቦ ሲቀበር ግን ጣሪያ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ የውሸት ግንኙነት የቤቱን ሥራ በወረቀት ላይ ያስረዝመዋል።

ኤክሴል ላይ ሠንጠረዡን ከ A እስከ F ባሉት ዓምዶች ሙሉት፤ ርዕሱ 1ኛው ረድፍ፣ ግድግዳው 2ኛው ረድፍ ይሁን። ልስኑ 9ኛው ረድፍ ላይ ይውላል። መጀመሪያውና ማለቂያው እንዲህ ይጻፋል።

```
E9:  =MAX(F5,F7,F8)+1
F9:  =E9+C9-1
```

ልስን የሚጠብቃቸው ሦስት ሥራዎች ስላሉ ከሦስቱ መጨረሻ ላይ የሚያልቀው ነው ቀኑን የሚወስነው። ሌሎቹንም ረድፎች በዚሁ መልክ ጻፉ፤ ለምሳሌ ቢሙ ግድግዳን ብቻ ስለሚጠብቅ E3 ላይ `=F2+1` ይሆናል። ለባሩ ደግሞ ከ H1 ጀምሮ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቁጥር ጻፉ፤ ከ H2 ጀምሮ ያለውን ቦታ ምረጡና በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ይህን አስገቡ፦

```
=AND(H$1>=$E2,H$1<=$F2)
```

ከዚህ በኋላ የአንድ ሥራ ቀን ሲቀየር ባሮቹ ራሳቸው ይንሸራተታሉ። ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ የቀን ቁጥር እንድትጠቀሙ የምመክረው ኤክሴል የኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ ነው። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ነገሩ ይመሰቃቀላል። የኢትዮጵያውን ቀን ከጎኑ በእጅ መጻፍ ይበቃል።

ምልክት፦ ማንም አላጠፋም፣ ግን አናጢዎቹ ሳምንት ሙሉ ያለ ሥራ ቆሙ

ሠንጠረዡ ውስጥ 3ኛውን መስመር ተመልከቱ። ብዙ ቻርት ላይ ይህ መስመር የለም። ቢሙ 14ኛው ቀን ተሞልቶ ጣሪያው 15ኛው ቀን ይጀምራል ተብሎ ይሳላል። ቀኑ ሲደርስ መሐንዲሱ «አርማታው 7 ቀን ውኃ ይጠጣ» ይላል፣ የአናጢዎቹ ቀን ይባክናል።

መጠበቅን እንደ ሥራ ቁጠሩት፣ የራሱ መስመር ይኑረው። ሰው ባይሠራበትም ቀን ይበላል። ደግሞ አርማታ እሑድንና በዓልን አያውቅም። በሳምንት 6 ቀን የምትሠሩ ከሆነ 7 ቀን መጠበቅ ከሥራ ቀን የሚወስደው 6 ብቻ ነው። ቢሙን በየትኛውም ዕለት ብትሞሉት ይህ አይለወጥም፤ እሑድ ዕለት ውኃ የሚያጠጣ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ምልክት፦ አንዱ ሥራ 3 ቀን ዘግይቶ ምንም አልሆነም፣ ሌላው 3 ቀን ዘግይቶ ርክክቡ ተገፋ

አለመግባባት በብዛት የሚነሳው እዚህ ነው። ምክንያቱ ትርፍ ቀን ነው። በርና መስኮቱ 24ኛው ቀን ተገጥሞ ያልቃል፣ ልስን የሚጀምረው ግን 29 ላይ ነው። መሃል ላይ ያሉት 25፣ 26፣ 27 እና 28 ለመስኮቱ ትርፍ ናቸው። ቱቦው 14 ቀን ትርፍ አለው። ጣሪያው ምንም የለውም፤ ልክ ሲያልቅ ልስን ይጀምራል። ግድግዳ፣ ቢም፣ መጠበቅ፣ ጣሪያ፣ ልስን፦ ትርፍ የሌለው ይህ ሰንሰለት ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው ነው።

አሁን መዘግየቱን እናስገባ። ቢሙ ብረት በማጣት 3 ቀን ቢዘገይ ጣሪያው 31 ላይ ያልቃል፣ ልስኑም ከ38 ወደ 41 ይሄዳል። ሦስቱም ቀን ተከፍሏል። ብረት ቤቱ 3 ቀን ቢዘገይ ግን መስኮቱ 27 ላይ ተገጥሞ ያልቃል። ልስኑ አይነካም። ብረት ቤቱን መቆጣት ቢያስፈልግም ርክክቡ ዘገየ ብሎ መክሰስ አይቻልም።

ብረት ቤቱ 6 ቀን ቢዘገይስ? መግጠሙ 30 ላይ ያልቃል፣ ልስን 31 ይጀምራል። ስድስት ቀን ዘግይቶ የገፋው 2 ቀን ነው፤ አራቱን ትርፉ ውጦታል። በዚህ ጊዜ ክሪቲካል ፓዙ ራሱ ቦታ ይቀይራል። ጣሪያው አሁን 2 ቀን ትርፍ አግኝቷል። ባለቤቱ ይህን ሳያይ ጣሪያውን ለማፋጠን ለአናጢዎች የትርፍ ሰዓት ቢከፍል ገንዘቡ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ልስኑ መስኮት እየጠበቀ ነው። ገንዘቡ የሚጠቅመው ብረት ቤት ላይ ነው፣ ወይም የመጣውን መስኮት በአንድ ቀን ለመግጠም ሰው በመጨመር።

ስለዚህ መዘግየት በተሰማ ቁጥር አዲሱን ቀን ሠንጠረዡ ላይ አስገቡና ትርፉን እንደገና አንብቡ። የመስኮቱ `=E9-F7-1` ነው፣ የጣሪያው `=E9-F5-1`። ዜሮ የሚያሳየው መስመር የዚያ ሳምንት ዋና ሥራችሁ ነው።

ምልክት፦ ቻርቱ ሁልጊዜ «በጊዜው ነን» ይላል

ሰው በየሳምንቱ አዲሱን ቀን አሮጌው ላይ ይጽፍበታል፣ የመጀመሪያው ዕቅድ ይጠፋል። ሥራ በተጀመረ ዕለት E እና F ዓምዶችን ቁጥራቸውን ብቻ ሌላ ቦታ ገልብጡና አትንኩት። ፎርማኑንም «ስንት ከመቶ ደረሰ?» አትበሉት፤ «80» ይላል፣ በሳምንቱም «80» ነው። «ስንት ቀን ቀረው?» በሉት።

ምልክት፦ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ተጀመረ፣ ሁለቱም ግማሽ ፍጥነት ሆነ

ልስኑ ሲጀመር ባለቤቱ «በዚያውም አጥሩ ይነሳ» ይላል። በቻርቱ ላይ አጥር ማንንም አይጠብቅም፣ ስለዚህ ባሩ ከልስን ጎን ይሳላል። ግን ግንበኞቹ እነዚያው ናቸው። ሁለት ሰው ወደ አጥር ሲሄድ ልስኑ 10 ቀን መሆኑ ይቀራል፣ ለምን እንደዘገየም የትኛውም ግንኙነት አይናገርም።

ሠንጠረዡ ላይ «ማን ይሠራዋል» የሚል ዓምድ ጨምሩ። አንድ ቡድን በአንድ ቀን ሁለት ባር ላይ ከታየ፣ ወይ ሌላ ቡድን ይቀጠር፣ ወይ አጥሩ ልስንን ይጠብቅ። በዚህ ምሳሌ አጥሩ 39ኛው ቀን ይጀምራል፤ ቀለም ቀቢው ውስጥ ሲሠራ ግንበኞቹ ውጭ ይሆናሉ።