ማስተር ፓስወርዱን እያወቃችሁት «ተሳስቷል» ሲላችሁ

ፓስወርዶችን ሁሉ በአንድ ማስተር ፓስወርድ ቆልፎ የሚይዝ አፕ፣ ፓስወርድ ማኔጀር፣ አዲስ የከፈቱ ሰዎች ለእርዳታ ሲመጡ ደጋግሜ የማየው ችግር አንድ ነው። የማስተር ፓስወርዳቸውን ቃላት አልረሱም። ቃላቱን በልባቸው ይዘው በሩ አይከፈትላቸውም። ካፕስ ሎክንና የኪቦርዱን ቋንቋ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ችግር፦ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ ግን እምቢ አለኝ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አጻጻፉ ነው። በአማርኛ ቃላት ማስተር ፓስወርድ መሥራት ጥሩ ነው፣ አይጠፋም። ነገር ግን አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ሁላችንም እንደመጣልን ነው የምንጽፈው። ዛሬና ነገም አንድ ዓይነት አንጽፍም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የመረጠችው «ጃንጥላ ፀሐይ ምስማር ቅጠል ድልድይ» የሚል ነበር። ወረቀት ላይም በአማርኛ ፊደል ጽፋ አስቀምጣዋለች። ስልኳ በጣት አሻራ ስለሚከፍትላት ለወራት አልጻፈችውም። ኮምፒውተር ላይ ስትሞክረው ጉዱ ወጣ። ፀሐይ tsehay ነበር፣ tsehai ወይስ sehay? ቅጠልስ? kitel፣ qitel ወይስ ketel? ድልድይ dildiy ወይስ dildey? ለእያንዳንዱ ቃል የምትጽፍባቸውን መንገዶች በሰንጠረዥ አሰፈርን። የሞከርነውን እየሰረዝን ሄድን። እንደዚህ ካልተሠራ ሰው አንዱን ስህተት አሥር ጊዜ ይደጋግመዋል። በመጨረሻ tsehai ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ቃል ደግሞ በትልቁ J ይጀምር ነበር። ስትመዘገብ የዓይን ምልክቱን ነክታ ፓስወርዱ እንዲታይ አድርጋ ስለነበር፣ የስልኩ ኪቦርድ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮት የመጀመሪያውን ፊደል ራሱ አተለቀው። አንዳንድ ኪቦርድ ከቃሉ በኋላ ክፍተትም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ የገባ ክፍተት በዓይን አይታይም፣ ለማሽኑ ግን አንድ ፊደል ነው።

«እንግዲያው በአማርኛ ፊደል ልጻፈው» የሚል ይኖራል። አታድርጉት። ለእኛ ፀሐይና ጸሀይ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ፓስወርዶች ናቸው። የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይም ትቀራላችሁ።

መፍትሄው

አጻጻፋቸው የማያከራክር ቃላት ምረጡ። የሚያጣላን ሳድስና ግዕዝ ነው፤ አንዱ i፣ ሌላው e ይላል፣ ሦስተኛው ይዘለዋል። ቀ፣ ጸ እና ኘም እንደዚያው ናቸው። በካዕብ፣ በሣልስ፣ በራብዕና በሳብዕ የተሠሩ ቃላትን ግን አብዛኛው ሰው አንድ ዓይነት ይጽፋቸዋል፦

```
samuna doro shuka lomi
```

ይህ ለማሳያ ነው፣ እንዳትጠቀሙበት። የራሳችሁን ስድስት ቃላት በዕጣ አውጡ። መዝገበ ቃላት በዘፈቀደ ግለጡ፣ ሳታዩ ጣታችሁን አሳርፉ። አጻጻፉ የሚያወዛግብ ከሆነ ጣሉትና ድገሙ። «አላማረኝም» ብላችሁ ግን አትቀይሩ፤ ምርጫችሁ በገባ ቁጥር ለመገመት ይቀላል። ተረትና ምሳሌ፣ የዘፈን ግጥም፣ የልጅ ስም ከልደት ዓመት ጋር፣ እነዚህን ተዉአቸው። ፓስወርድ ሰባሪዎች ቀድመው የሚሞክሩት እነሱን ነው። ዕጣው የወጣው ከ1,000 ቃላት መካከል ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ስድስት ቃል ማለት 1 ከ18 ዜሮ ጋር የሚሆን አማራጭ ነው። @ እና 3 እየሰነቀሩ ራስን ማስቸገር አያስፈልግም።

ከዚያ ልክ እንደምትተይቡት፣ በላቲን ፊደል፣ በወረቀት ጻፉት። ክፍተቱን በምልክት አሳዩ። ወረቀቱ ከፓስፖርትና ከልደት ሰርተፊኬት ጋር ይቀመጥ። ፎቶ አታንሱት!

ማኔጀሩ ውስጥ አንድም ፓስወርድ ከማስቀመጣችሁ በፊት ውጡና በስልክም በኮምፒውተርም መልሳችሁ ግቡ። ለመጀመሪያው ሳምንት የጣት አሻራውን አጥፉት። እጃችሁ የሚለምደው በመተየብ ብቻ ነው።

ችግር፦ ስልኩ ላይ ይከፈታል፣ ማስተር ፓስወርዱ ግን ጠፍቶኛል

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ከአካውንቱ አትውጡ። አፑን አታጥፉ። አዲስ የጣት አሻራ አትመዝግቡ፤ ብዙ አፖች ያኔ ማስተር ፓስወርዱን ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ወደ ፋይል ኤክስፖርት አድርጉ። ለዚያም ማስተር ፓስወርድ ከጠየቀ፣ ከኢሜይል ጀምራችሁ አንድ በአንድ በእጅ ገልብጡ። ከዚያ አዲስ አካውንት ክፈቱ። ኤክስፖርት ያደረጋችሁት ፋይል ያልተመሰጠረ ሊሆን ስለሚችል ሥራው እንዳለቀ አጥፉት።

ድርጅቱ እንዲቀይርላችሁ አትጠብቁ። መክፈቻው ቁልፍ የሚሠራው እናንተው መሣሪያ ላይ፣ ከጻፋችሁት ቃል ነው። እነሱ ጋ የለም።

አልፎ አልፎ፦ ሁለት ኢሜይል ያለው ሰው በሌላኛው ሊገባ ሲሞክር «ፓስወርዱ ተሳስቷል» ይባላል። ኢሜይሉን አስቀድማችሁ እዩ።

አንዳንድ ማኔጀሮች ስትመዘገቡ የመልሶ ማግኛ ኮድ ይሰጣሉ። ዘለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ከዚያው ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ በኋላ ሳትገቡ ልታወጡት አትችሉም።