አንድ ፎቶ ለቢልቦርድም ለስቶሪም ሲፈለግ፦ ታንኳውን የሚያስቆርጡ ስህተቶች

ጣና ዳር ወርዶ የደንገል ታንኳ በጎኑ፣ ፍሬሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ የሚያነሳ ጀማሪ ባየሁ ቁጥር ካሜራውን ልቀማው ይቃጣኛል። ፎቶው እኮ ያምራል! ጣጣው የሚመጣው ደንበኛው ያንኑ ፎቶ ለመንገድ ዳር ቢልቦርድም ለስልክ ስቶሪም ሲፈልገው ነው። እኔም ለባሕር ዳር አንድ ሆቴል እንዲሁ አንስቼ ነበር። ቢልቦርዱ ላይ የቀዛፊው ጭንቅላት ተቆረጠ፣ ስቶሪው ላይ የታንኳው አፍንጫ ጠፋ። ባለታንኳውን ከኪሴ ከፍዬ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደገምኩት።

ስሌቱ ቀላል ነው። የካሜራዬ ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ቢልቦርዱ 12 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 3 ለ1 ስለነበር ወርዱን ሙሉ ይወስድና ከቁመቱ 2000 ብቻ ያስቀራል። ስቶሪ 9 ለ16 ነው፤ ቁመቱን ሙሉ ወስዶ ከወርዱ 2250 ብቻ ያስቀራል። ሁለቱ የሚጋሩት እንግዲህ 2250 በ2000 የሆነች አንዲት ሳጥን ናት። ቀዛፊው ከነታንኳው፣ ከነመቅዘፊያው እሷ ውስጥ መግባት አለበት። ራቅ ብላችሁ አንሱ፤ ባለታንኳውንም ወደ እናንተ ሰያፍ እንዲያዞረው ለምኑት፣ ታንኳው ያጥርላችኋል።

ሳጥኗን መሃል መትከልም ስህተት ነው። ያኔ ቢልቦርዱ ላይ ግራና ቀኝ 1875፣ 1875 ይተርፍና ጽሑፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ወደ ቀኝ ጥግ ግፏት፤ በግራ 3750 ፒክስል ጸጥ ያለ ውሃ ታገኛላችሁ። እዚያ ውሃ ላይ እንቦጭ ወይም ሌላ ጀልባ ካለ ጠብቁ። ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ግን ሳጥኗ መሃል ትሁን።

አድማሱን ፎቶው መሃል የሚያሳልፉ አሉ፤ መስመሩ የቢልቦርዱን ጽሑፍ ወገቡ ላይ ይቆርጠዋል። ከላይ 1200 አካባቢ አድርጉት።

ስቶሪ ላይ ጽሑፉን ከታች የምታስቀምጡ ሰዎች ስልካችሁን አይታችሁ አታውቁም? ከ1920 ፒክስል ቁመት የላይኛውን 250 ያህል የአካውንቱ ስም፣ የታችኛውን 340 ያህል የመልስ መጻፊያው ይወስደዋል። በእኛ ፎቶ ከታንኳው በታች የሚተርፈው ቦታ አንድ መስመር እንኳ በቅጡ አይይዝም። ጽሑፉ ሰማዩ ላይ፣ ከስሙ ዝቅ ብሎ ይግባ።

«6000 ፒክስል ለ12 ሜትር አይበቃም» የሚል ስጋት ይቅር። አንዷ ፒክስል 2 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ከመንገድ ማዶ ማንም አያያትም።

ለ728 በ90 የድረ ገጽ ባነር ግን ይህን ፎቶ አታስጨንቁት። ከ4000 ቁመት 740 ገደማ ብቻ ስለሚተርፍ ቀዛፊው አይገባም። ባለታንኳው ወደ ቤቱ ከመቅዘፉ በፊት፣ ከዚያው ቦታ፣ ርቆ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሌላ አንድ አንሱለት።