“በካሬ ስንት?” ሁለት የሚሸጡ ቤቶችን በትክክል እንዴት ማወዳደር ይቻላል

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ወይም ቦታ ሲፈልጉ ደላላው ቶሎ የሚጠራልዎ ቁጥር የካሬ ዋጋ ነው። “ይሄኛው በካሬ 120 ሺህ ይመጣል፤ ያኛው 160 ሺህ ነው” ይልዎታል። ዋጋን ለስፋት ማካፈል ማንም ይችላል። ግን የትኛው ዋጋ ለየትኛው ካሬ ተካፍሎ ነው? ይህ ሳይጠየቅ የቀረበት ቁጥር ገዢን ወደ ውዱ ቤት ሊመራ ይችላል።

እስኪ ሁለት ቤቶችን ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹን ለስሌቱ እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸውና የገበያ ዋጋ አድርገው አይውሰዷቸው። ሁለቱም አንድ ሰፈር ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው በ250 ካሬ ላይ ያረፈ አሮጌ ጂ+1 ነው፣ 30 ሚሊዮን ብር ተብሏል። ሁለተኛው በ150 ካሬ ላይ ያረፈ አዲስ ጂ+2 ሲሆን ዋጋው 24 ሚሊዮን ነው። ስናካፍለው የመጀመሪያው በካሬ 120 ሺህ፣ ሁለተኛው 160 ሺህ ይመጣል። እስካሁን የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል።

1. ካሬውን ከካርታው ላይ ያንብቡ

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስፋት ይተዉትና የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ይጠይቁ። ካርታው ላይ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር ተጽፏል፤ የቦታው ቅርጽና አዋሳኞቹም ተስለዋል። ከዚያ ሜትር ይዘው ግቢውን ራስዎ ይለኩ።

የመጀመሪያው ቤት ግቢ ሲለካ ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 25 ሜትር ሆነ እንበል። በእርግጥም 250 ካሬ ነው። ካርታው ግን 200 ካሬ ይላል። ኋላ ያለው 5 ሜትር፣ ማድ ቤቱና ሰርቪስ ክፍሎቹ የቆሙበት፣ ካርታ ላይ የለም ማለት ነው። ሻጩ “እሱ ትርፍ ቦታ ነው፣ ለዘመናት በእጃችን ያለ ነው” ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ባንክ ቤቱን ለብድር ሲገምት የሚያየው ካርታውን ነው። የግንባታ ፈቃድም የሚሰጠው ካርታው ላይ ላለው ስፋት ነው። ትርፍ ቦታው ነገ ቢፈርስ ካሳ ይገኝበታል ብሎ ማሰብም አደጋ አለው። ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ ዜሮ አድርገው ይያዙት። 30 ሚሊዮን ለ200 ሲካፈል የካሬው ዋጋ 150 ሺህ ሆነ።

የሚገዙት አፓርታማ ከሆነ የሚያታልለው ካሬ ሌላ ነው። ብዙ ሪል እስቴቶች የሚሸጡት በግሮስ ነው፤ ደረጃው፣ ሊፍቱና ኮሪደሩ ተከፋፍሎ እርስዎ ላይ ተደምሯል። 120 ካሬ ተብሎ በ9 ሚሊዮን 600 ሺህ የሚሸጥ አፓርታማ በካሬ 80 ሺህ ይመስላል። በሩን ከፍተው ሲገቡ የራስዎ የሚሆነው 96 ካሬ ከሆነ ግን የኔቱ ዋጋ 100 ሺህ ነው። አንዱን በግሮስ፣ ሌላውን በኔት አስልቶ ማወዳደር ትርጉም የለውም። በረንዳው የትኛው ውስጥ እንደተቆጠረም ይጠይቁ።

2. ዋጋውን ሙሉ ያድርጉት

ሁለተኛው ቤት ካርታው 150 ካሬ ይላል፣ ሲለካም ልክ ነው። ይዞታው ግን ሊዝ ነው፣ ያልተከፈለ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር አለበት። ሻጩ ካልከፈለው የሚወርደው እርስዎ ላይ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ 25 ሚሊዮን ተኩል ነው፤ በካሬም 170 ሺህ ይመጣል። ቀሪውን የሊዝ ክፍያ በቃል አይቀበሉ፣ ከሊዝ ውሉና ከክፍያ ደረሰኞቹ ጋር ያመሳክሩት።

የተጠራው ዋጋም የመጨረሻው እንዳልሆነ አይርሱ። አንድ ቤት በሦስት ደላላ እጅ በሦስት ዋጋ ሲዞር ማየት የተለመደ ነው። ዝቅተኛውን ይያዙ። የቆየ ማስታወቂያን ለንጽጽር አይጠቀሙ፤ በተለይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የወጣውን።

3. ቤቱን ከመሬቱ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። ውጤቱን የሚገለብጠውም ይሄው ነው። ጠቅላላውን ዋጋ ለመሬቱ ካሬ ሲያካፍሉ የሕንጻው ዋጋ መሬቱ ላይ ተጭኖ ይቀራል። አዲስና ትልቅ ቤት ያለበት ትንሽ ቦታ ሁልጊዜ ውድ የሚመስለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሁሉንም ወለሎች ስፋት ይደምሩ። ከዚያ በቅርብ የገነባ ሰው ወይም ኮንትራክተር ጠይቀው ያንኑ ዓይነት ቤት ዛሬ ለመሥራት በካሬ ምን ያህል እንደሚፈጅ ይወቁ። ለእኛ ስሌት 40 ሺህ እንበል።

የአሮጌው ጂ+1 ወለሎች ተደምረው 200 ካሬ ናቸው። አዲስ ቢሠራ 8 ሚሊዮን ይፈጃል። ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና ጣሪያው ስላረጁ ግማሹን እንቀንስ፣ 4 ሚሊዮን ይቀራል። ከ30 ሚሊዮን ላይ ሲነሳ ለመሬቱ የሚከፍሉት 26 ሚሊዮን ነው፤ ለ200 ሲካፈል በካሬ 130 ሺህ።

አዲሱ ጂ+2 በድምሩ 240 ካሬ ነው፣ ዛሬ ቢሠራ 9 ሚሊዮን 600 ሺህ። ለጥቂት ዓመታት አገልግሎቱ 600 ሺህ ብንቀንስ 9 ሚሊዮን ይሆናል። ከ25 ሚሊዮን ተኩል ላይ ሲነሳ 16 ሚሊዮን ተኩል ይተርፋል፤ ለ150 ሲካፈል በካሬ 110 ሺህ። ርካሽ የተባለው ቤት መሬቱን በካሬ 20 ሺህ አስወድዶ ነው የሚሸጠው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አሮጌውን ቤት አፍርሰው ለመሥራት ካሰቡ የሕንጻውን ዋጋ ዜሮ ያድርጉት፤ የማፍረሻውን ወጪም ይጨምሩበት። ያኔ መሬቱ ይበልጥ ይወደዳል።

4. ልዩነቱ ምክንያት አለው?

የ20 ሺህ ልዩነቱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። አሮጌው ቤት ሰፊ አስፋልት ዳር ሆኖ፣ አዲሱ መኪና የማያስገባ ኮሪደር ውስጥ ከሆነ ዋጋው ቢለይ አይገርምም። ቅርጹም ዋጋ አለው። ፊቱ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ የረዘመ ቦታ ካሬው ቢበዛም ጥሩ ቤት አያሠራም። ትንሽ ቦታ በካሬ ትንሽ ወደድ ማለቱም የተለመደ ነው፤ ጠቅላላ ዋጋው የብዙ ሰው አቅም ስለሚደርስበት ፈላጊው ይበዛል። በእኛ ምሳሌ ትንሹ ቦታ ነው የረከሰው፤ ስለዚህ የረከሰበትን ምክንያት ሳያውቁ አይለፉ።

ከሁሉም በላይ ግን ፕላኑን ያረጋግጡ። ሻጩን ይዘው ክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ቦታው መንገድ ይነካው እንደሆነ፣ ስንት ወለል እንደሚፈቀድበት፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ይጠይቁ። ከ200 ካሬ 40ው ለመንገድ የተያዘ ከሆነ የሚያካፍሉት ለ160 ነው።

5. ቁጥሩን ለድርድር ይጠቀሙበት

ሁለቱ ቦታዎች በመንገድም በቅርጽም ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ፣ እርስዎ ግን አሮጌውን ቤት ወደዱት እንበል። ስሌቱን ወደ ኋላ ይመልሱት። 200 ካሬ በ110 ሺህ 22 ሚሊዮን ነው። የቤቱን 4 ሚሊዮን ሲጨምሩ 26 ሚሊዮን ይሆናል። የሚያቀርቡት ዋጋ ከዚህ በታች ይጀምር፤ 26 ላይ ሲደርስ ደግሞ ይቁም። ደላላው “250 ካሬ እኮ ነው” ካለ ካርታውን ያሳዩትና ትርፉን ሻጩ መጀመሪያ ካርታ ላይ ያስገባው፣ ያኔ ስለ ዋጋው እንነጋገራለን ይበሉት።